በጅማ የቡና ወቅት ሥራ፦ ክፍያውና የማሳው ሁኔታ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች ቡና ሲደርስ ጅማና አካባቢዋ ለለቀማ ወይም ለእጥበት ሥራ የሚመጡ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ሌላው የእርሻ ሥራ ብዙ አልተባለም፤ ብዙ ሰው የሚቀጠረው፣ ብዙ ሰውም ሒሳቡ የሚዛባበት ቡናው ላይ ስለሆነ ነው።

ሥራው የሚጀምረው መቼ ነው? መቼስ ብመጣ ይሻላል?

ቡናው የሚቀላው እንደ ቦታው ከፍታ ነው። ዝቅ ያለው አካባቢ መስከረም ውስጥ ይጀምራል፤ እንደ ጌራ ያለው ደጋማው ወገን ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። ጥቅምትና ኅዳር ሥራው የሚጦፍበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ ጥር ይዘልቃል።

መጠየቅ ያለብዎ ግን ከዚያ በፊት ነው። እርሻዎቹና የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ሰው መመዝገብ የሚጀምሩት ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። የማሽን ሠራተኛ፣ ሚዛን ያዥ፣ መዝጋቢ፣ ጥበቃና የቡና ማድረቂያ አልጋ ኃላፊ ያን ጊዜ ይያዛሉ። ጥቅምት ላይ የሚመጣ ሰው ለለቀማ አይቸገርም፤ በቀን ክፍያ የሚሠራውን የተሻለ ቦታ ግን ቀድሞ የመጣው ወስዶታል።

ማን ነው የሚቀጥረው? የት ሄጄ ልጠይቅ?

ቀጣሪዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። በሊሙ ኮሳና በጎማ በኩል ያሉት ትልልቅ የቡና እርሻዎች ብዙ ለቃሚ ይቀጥራሉ፤ ማደሪያም ይሰጣሉ። በአጋሮ ዙሪያ፣ በማና፣ በጌራና በሰቃ ጨቆርሳ ያሉት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የግል አቅራቢዎች ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስላላቸው ከለቀማ ይልቅ ለጣቢያው ሥራ ሰው ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ራሱ ገበሬው ነው። ቡናው አንዴ ሲቀላበት ቤተሰቡ ስለማይበቃው ለጥቂት ቀን ለቃሚ ይይዛል።

ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን በር ድረስ ሄዶ መጠየቅ የሚያህል ነገር የለም። ከጅማ መናኸሪያ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄዶ ጠይቆ ማታ መመለስ ይቻላል። የጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ ያንብቡ። ከሌለ ጥበቃውን ሳይሆን የጣቢያውን ኃላፊ ወይም መዝጋቢውን ያናግሩ። የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም የሚመዘግብበት ጊዜ ስላለ ስምዎን ማስያዝ አይጎዳም።

አብዛኛው ነገር የሚነገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚጠራውን ቁጥር መስማት ካልቻሉ ደብተሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ አይችሉም። ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ከአንድ እስከ መቶ መቁጠርና «ኪሎን ቶኮ ሜቃ?»፣ ማለትም አንድ ኪሎ ስንት ነው፣ ብሎ መጠየቅ ቢችል ብዙ ይጠቅመዋል።

ደላላ ወይም ካቦ ገንዘብ ቢጠይቀኝስ?

አይክፈሉ። ሠራተኛን ከአሠሪ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ለአገር ውስጥ ሥራ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ፈቃድ የሌለው ደላላ ደግሞ ከመጀመሪያው መብቱ የለውም። የራሱን ቡድን ይዞ የሚመጣ ካቦ ሌላ ነገር ነው። እርሱን የሚከፍለው እርሻው መሆን አለበት። እርሻው ካልከፈለው ገንዘቡ ከእናንተ ኪሎ ላይ እንደሚመጣ ይጠብቁ። ስለዚህ ካቦው የነገረዎን ዋጋ ቢሮ ገብተው ከመዝጋቢው ጋር ያመሳክሩ። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ መሐል ላይ ያለው ብር የት እንደሚቀር ግልጽ ነው።

«በቀን 400 ብር ይገኛል» ተብያለሁ። እውነት ነው?

እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለአራት ሳምንት ብቻ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚያስፈልግ ረዘም አድርገን እንመልሰዋለን።

ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። አንድ ሰው በቀን የሚለቅመው ኪሎ ደግሞ በጉልበቱ ብቻ አይወሰንም፤ ዛፉ ላይ ስንት ቀይ ፍሬ እንዳለ ይወስነዋል። በመጀመሪያው ዙር ከቅርንጫፉ ላይ የቀላው ጥቂት ነው። ለቃሚው አረንጓዴውን እየተወ፣ ቀዩን በጣቱ እየመረጠ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄድ ይውላል። መሐል ላይ ፍሬው አንድ ላይ ሲቀላ እጅ ሳይፈታ ቅርጫቱ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የተረሳውንና ዘግይቶ የበሰለውን መፈለግ ነው። «በቀን ይህን ያህል» የሚባለው ቁጥር ሁልጊዜ የመሐሉ ነው።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። ዋጋዎቹ ለማስያ የወሰድናቸው ናቸው፤ እርስዎ የሰሙትን የዘንድሮ ዋጋ ተክተው ይሥሩት። እርሻው በኪሎ 9 ብር ይከፍላል፤ ማደሪያ አለ፤ ምግብ ግን የራስዎ ነው። ወቅቱ 10 ሳምንት ነው እንበል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ዝናቡ ገና ስላልወጣ በሳምንት 5 ቀን ብቻ ይሠራል፤ በቀን 22 ኪሎ ይለቀማል። ይህ 2,970 ብር ነው። በሚቀጥሉት 4 ሳምንታት 6 ቀን እየሠሩ በቀን 45 ኪሎ ከለቀሙ 9,720 ብር ያገኛሉ። የተባለው «400 ብር» ይኸው ነው፤ 45 በ9 ሲባዛ 405 ይሆናል። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት እንዲሁ 6 ቀን እየተሠራ በቀን 18 ኪሎ ሲሆን 2,916 ብር ይመጣል። ድምሩ 15,606 ብር ነው።

አሁን የሚቀነሰውን እንይ። በቀን ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ በየሚዛኑ «ለጆንያ» ተብሎ 1 ኪሎ ይቀነሳል። በ57 የሥራ ቀን 114 ኪሎ፣ ማለትም 1,026 ብር ሄደ። ባዶ ጆንያ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ልዩነቱ የእርስዎ ነበር። ምግብ በቀን 110 ብር ቢፈጅ፣ ሥራ በሌለበት ቀንም ስለሚበላ ለ70 ቀን 7,700 ብር ነው። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 500 ብር ይሁን። በእጅ የሚቀረው 6,380 ብር ነው፤ ለ70 ቀን ሲካፈል በቀን 91 ብር ገደማ።

ይህ ማለት ሥራው አይረባም ማለት አይደለም። 400 ብር በ70 አባዝተው 28,000 ብር ይዘው እንደሚመለሱ አስበው ከወጡ ግን ለቤተሰብ የገቡትን ቃል መጠበቅ አይችሉም። ብዙ ሰው ኅዳር መጨረሻ ላይ ተጣልቶ ሥራ የሚተወውም ዋጋው ስለወረደ አይደለም፤ ፍሬው ሲያልቅ ኪሎው ስለሚያንስ ነው።

ታዲያ በቀን የሚከፍለው የማጠቢያ ጣቢያ አይሻልም?

የሚሻለው ጣቢያው የሚሠራባቸው ቀናት ብዙ ከሆኑ ነው። ያንኑ 10 ሳምንት እንውሰድ። ጣቢያው በቀን 260 ብር ይከፍላል፤ ሥራ ባለበት ቀን ምሳ ስለሚሰጥ የእርስዎ የምግብ ወጪ 70 ብር ይሆናል፤ ሥራ በሌለበት ቀን 110 ነው። ትራንስፖርቱም ያው 500 ብር፤ ማደሪያም አለ እንበል። በሳምንት 6 ቀን፣ በጠቅላላው 60 ቀን ከሠሩ 9,800 ብር ይተርፋል። ከለቀማው በጣም ይበልጣል።

ጣቢያ ግን እሸት ቡና ሲመጣለት ነው የሚሠራው። ዋጋ ላይ ከገበሬው ጋር ካልተስማማ፣ ለግዢ የሚሆን ብር ካጠረው ወይም ጎረቤቱ ጣቢያ ከፍሎ ከወሰደበት በሩ ላይ የሚደርሰው ቡና ያንሳል፤ የቀን ሠራተኛም «ዛሬ የለም» ተብሎ ይመለሳል። ቀኑ 45 ብቻ ከሆነ የሚተርፈው 5,300 ብር ነው፤ ከለቀማው ያንሳል። ሁለቱ የሚቀራረቡት 49 ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ጣቢያ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በቀን ስንት?» ሳይሆን «ቡና ባልመጣ ቀን ይታሰባል ወይ?» ነው። ቀጥለው አምና እዚያው የሠሩ ሰዎችን ያግኙና ስንት ቀን እንደተከፈላቸው ይጠይቁ። የአምና ሠራተኛ ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ ይነግርዎታል።

የጣቢያ ሥራ ምን ምን ነው? ሌሊት ይሠራል ይባላል።

ይሠራል፤ ምክንያቱም ቀይ ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል። ገበሬው ቡናውን ይዞ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሆነ መፈልፈያው የሚነሳው ሲመሽ ነው። ቡና በበዛበት ሰሞን እኩለ ሌሊት ያልፋል። ከተፈለፈለ በኋላ ልጋጉ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቅዝቃዜ ካለ ይረዝማል። ከዚያ በቦይ ውኃ ይታጠባል። እዚህ ያለ ሰው ሙሉ ቀን እርጥብ ውስጥ ነው የሚቆመው፤ ቦት ጫማ የማይሰጥ ጣቢያ ላይ እግር ይቆሳል።

ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለው ሥራ ደረቅና ቀለል ያለ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው የሚይዙት። እርጥቡን ቡና መበተን፣ ሳያቋርጡ ማገላበጥ፣ የተጎዳውን ፍሬ መልቀም፣ ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ መሸፈን፣ ዝናብ ሲመጣ መሮጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋል ስላለ ወገብ ላይ ከባድ ነው። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ከማሽን ክፍሉ ማነስ አይገባውም፤ የቡናው ደረጃ የሚወድቀውም የሚድነውም እዚያ ነውና።

የትርፍ ሰዓት ጉዳይ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲሠራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፤ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ በ2.5 ነው። ቀኑ 260 ብር ከሆነ ሰዓቱ 32 ብር ከ50 ነው፤ 8 ሰዓት ሠርተው እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ 3 ሰዓት ቢጨምሩ 146 ብር ከ25 ሳንቲም ይገባዎታል። «ሌሊት የሠራችሁት በሻይና በዳቦ ይያዛል» ከተባሉ የተበደሉት ይህን ያህል ነው።

ሚዛኑ ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

በጣም ቀላል መንገድ አለ። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ውኃ ይሙሉ። ውኃው 5 ኪሎ ይሆናል፤ ጀሪካኑ ራሱ ጥቂት መቶ ግራም ነው። ሰልፉ ሳይጀመር ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል ከ5 ኪሎ ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። 4 ኪሎ ተኩል ካነበበ ከየ10 ኪሎው አንድ ያህል እየጠፋብዎ ነው። ብቻዎን ከማንሳት ከአምስት ስድስት ሰው ጋር ሆነው «እስቲ ይህን መዝኑልን» ማለት ይሻላል፤ ጠብ ሳይሆን ጥያቄ ሆኖ ይታያል።

ከዚያም ባዶ ጆንያውን ያስመዝኑና በእውነተኛ ክብደቱ እንዲቀነስ ይስማሙ። አረንጓዴና የደረቀ ፍሬ ከተቀላቀለበት ይመለስብዎታል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ጣቢያው ቀዩን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት ሸራ ላይ ዘርግተው ይምረጡ፤ ለምርጫው የሚሄደውን ሰዓትም በቀኑ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት። ተገቢ ያልሆነው የተመለሰው ፍሬ ሳይመዘን ለእርሻው መቅረቱ ነው። የተጣለ ከሆነ ይጣል፤ ጀንፈል ሆኖ የሚሸጥ ከሆነ ግን በዝቅተኛ ዋጋም ቢሆን ሊከፈልበት ይገባል። ይህን ሥራ ሳይጀምሩ ይጠይቁ።

ባልና ሚስት አብረን ብንለቅም በአንድ ካርድ መመዘን ይሻላል?

አይሻልም። በአንድ ካርድ ሲመዘን ብሩ የሚወጣው ካርዱ ላይ ስሙ ባለ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባልየው። ሚስት ብትታመም፣ ብትጎዳ ወይም ቀድማ መሄድ ብትፈልግ ለመሥራቷ ማስረጃ የላትም። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ስም ያስይዙ። ልጆችን በተመለከተ ከ15 ዓመት በታች ያለን መቅጠር ክልክል ነው። በእናቱ ጆንያ ውስጥ የሚገባ የልጅ ኪሎ ማንም ደብተር ላይ አይታይም፤ የሚጠፋው የትምህርት ቀን ግን የልጁ ነው።

ማደሪያውንና ማሳውን ስመለከት ምን ልይ?

ከመመዝገብዎ በፊት ማደሪያውን ግቡና እዩት። ወለሉ አፈር ነው ወይስ ከፍ ያለ ነው? ጣሪያው ያፈሳል? ወንድና ሴት ይለያያሉ? በሩ ከውስጥ ይዘጋል? የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው? ማጠቢያው ከሚለቀው ውኃ በታች ካለ ወንዝ የሚቀዳ ከሆነ አይጠጣም። ሽንት ቤት ከሌለ ሌሊት ሴት ብቻዋን ጫካ መውጣት ሊኖርባት ነው፤ ይህን ችላ ብሎ መመዝገብ አይገባም።

አጎበር ይዘው ይምጡ። ዝናቡ እንደወጣ ያለው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ወቅት ነው፤ ከቡናው ወቅት ጋር አንድ ላይ ይገጥማል። ዝቅ ባለው ቦታ የሚሠራ ሰው ለሦስት አራት ቀን ትኩሳት ቢተኛ መሐል ወቅት ላይ ከሆነ ከ1,200 ብር በላይ ያጣል፤ አጎበሩ ከዚያ ይረክሳል።

ማሳው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይለኩ፦ ዳገቱንና እስከ ሚዛኑ ያለውን ርቀት። 20 ኪሎ ተሸክሞ ጭቃ ዳገት ግማሽ ሰዓት የሚወጣ ሰው በቀን ሁለቴ ከተመላለሰ የሥራ ሰዓቱ በዚያው ያልቃል። ትራክተር ወይም አይሱዙ ማሳው ድረስ መጥቶ የሚመዝን እርሻ በኪሎ 50 ሳንቲም ቢያንስ እንኳ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ አለኝ። ለኔ የሚሆን አለ?

አለ፤ ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው። የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ የግዢ መዝጋቢና ሒሳብ ሠራተኛ ይፈለጋል። የብዙዎቹ ላኪዎች ዋና መሥሪያ ቤትና የመጨረሻ ማበጠሪያ አዲስ አበባ ስለሆነ ማመልከቻው እዚያ ይገባል፤ ሥራው ግን ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ወቅት ጣቢያ ላይ መዝጋቢ ሆኖ የሠራ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ምሩቅ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ በደንብ የደረቀውን ካልደረቀው ለይቶ ስለሚያውቅ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሌላው ይለያል።

ውል በጽሑፍ ካልሰጡኝስ? ገንዘቤንስ ቢይዙብኝ?

የወቅት ሠራተኛም በሕጉ ሠራተኛ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ክፍያውን የሚገልጽ የተፈረመበት ደብዳቤ መስጠት አለበት። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የራስዎን ደብተር ይያዙ፤ በየቀኑ ቀኑን፣ ኪሎውን ወይም ሰዓቱን፣ የመዛኙን ስም ይጻፉ። የሚሰጥዎን የሚዛን ወረቀት አይጣሉ፤ በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ዝናብ ወረቀቱን ያጠፋዋል።

«ግማሹን ወቅቱ ሲያልቅ እንሰጣለን» የሚሉ አሉ። ይህ ሠራተኛው ኅዳር ላይ እንዳይሄድ ማሰሪያ ነው። በየ15 ቀኑ ሙሉውን የሚከፍል ካለ እርሱን ይምረጡ። ለምግብ ወይም ለብድር ከደመወዝዎ የሚቆረጥ ካለ በጽሑፍ የተስማሙበት መሆን አለበት፤ ከወር ደመወዙ ሲሶም መብለጥ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ የቀረው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ ደብተርዎንና የሚዛን ወረቀቶቹን ይዘው እርሻው ወይም ጣቢያው ያለበት ወረዳ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት አለ። በቡድን መሄዱ ይረዳል፤ የአንዱ ደብተር የሌላውን ያጸናል። ጊዜ ግን አይስጡት፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ታኅሣሥ ላይ ያልተከፈለ ሰው እስከ ሰኔ ብቻ ነው ያለው።